በሁለት በር መካከል የቀረች ተፈታኝ

በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል «ዶክተር» ተብላ የምትጠራው ሴት አንሶላ አጣቢ ነበረች። ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ የባዮሎጂ መጽሐፏን በፌስታል ጠቅልላ ከማድረቂያው ማሽን አናት ላይ ታስቀምጥና፣ ማሽኑ እስኪጨርስ ቆማ ታነብ ነበርና። «ዶክተር፣ ይቺ አንሶላ ትተርፋለች?» እያሉ ሲያሾፉባት፣ የተቀደደውን ጨርቅ አገላብጣ አይታ «ተስፋ የላትም፤ ቤተሰብ ይጠራ» ትላቸዋለች።

በወጣትነቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አገር አቀፉን የመልቀቂያ ፈተና ወስዳለች፤ የማለፊያውን ነጥብ ግን አላመጣችም። ከዚያ እናቷ አልጋ ያዙ፤ እርሷም እናቷን ስታስታምም ዕድሜዋ ሄደ። ዘንድሮ ሆስፒታሉ፣ ፈተናውን ያለፉ ሠራተኞቹን በነርስነት እንደሚያሠለጥን፣ ዕድሉም ለዚህ ዓመት ብቻ እንደሆነ አስታወቀ።

የሴቲቱ ጥፋት፣ ጥፋት ከተባለ፣ ጥንቃቄ ማብዛቷ ነበር። ቀድሞ የተፈተነ ሰው ውጤቱን ለማሻሻል በግሉ ተመዝግቦ ዳግመኛ መቀመጥ ይችላል፤ ክፍል ግባ የሚለው የለም። እርሷ ግን የረሳሁትን ላስታውስ ብላ፣ በማታ ትምህርት ቤት እንደ ማንኛዋም ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተመዘገበች። የሌሊት ተረኛ በምትሆንባቸው ሳምንታት ከክፍል ትቀር ነበር።

የግል ተፈታኞች ምዝገባ በሚዘጋበት ዕለት የድሮ ትራንስክሪፕቷንና የቀድሞ ውጤቷን ይዛ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። መዝጋቢው ሽበታም ሰው ነበር፤ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አይቶ «ሙሉ ነው» አላት። ከዚያም ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና ፊቱ ተለወጠ።

«እህቴ፣ ዘንድሮ የማታ ተማሪ ነሽ እንዴ?»

«ለማስታወስ ያህል ነው፣ ጋሼ።»

«ለማስታወስ ይሁን ለመርሳት፣ መዝገብ ላይ አለሽ። በዚህ ዓመት ትምህርት ላይ ያለ ሰው የሚመዘገበው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው። እኔ በግል ላስገባሽ ብል ሲስተሙ አይቀበለኝም።»

«ታዲያ ትምህርት ቤቴ አስመዝግቦኛላ!»

ሰውየው እንደገና ፈለገ። «አላስመዘገበሽም። የነሱ ምዝገባ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል።»

ዶክተር የመስኮቱን ብረት ያዘች። «እኔ ታዲያ የማን ነኝ?»

«ትምህርት ቤቱ ይሰርዝሽ። ሳንዘጋ ከተሰረዝሽ እመዘግብሻለሁ። ሩጪ።»

ሮጠች። የማታውን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ቢሮአቸው ውስጥ አገኘቻቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሴትዮ ነበሩ።

«ቀሪሽ በዝቶ ነው ከተፈታኝነት የወጣሽው፤ ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር» አሏት።

«እትዬ፣ ሌሊት ሌሊት አንሶላ ሳጥብ ማስታወቂያ የት አያለሁ? አሁን ይሰርዙኝ፣ እባክዎ።»

«ከሰረዝኩሽ የዘንድሮ ትምህርትሽ እንዳልነበረ ይሆናል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ይሰርዙኝ።»

ርእሰ መምህርቷ የመልቀቂያ ወረቀቱን ፈርመው ማኅተም አደረጉበት። ዶክተር ወረቀቱን እንደ ሕፃን በደረቷ አቅፋ ተመለሰች። መዝጋቢው ጃኬቱን ለብሶ ቆሞ ነበር፤ ወረቀቱን ሲያይ ግን ተቀመጠ፣ ሞከረ፣ ደግሞም ሞከረ።

«ወረቀቱ ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ። «ከሲስተሙ ላይ ግን አላወጡሽም። እሱን ማድረግ የሚችለው የነሱ ሬጅስትራር ነው።»

ስልክ ደወለላቸው። ርእሰ መምህርቷ ሬጅስትራሩ ለቀብር መሄዱን፣ የይለፍ ቃሉንም ከእርሱ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ነገሩት። ድምፃቸው በስልኩ ውስጥ ለእርሷም ይሰማት ነበር።

«ጋሼ፣ በእጅ ይጻፉኝ። በእርሳስም ቢሆን።»

«ብጽፍሽ በፈተናው ቀን ከበር ትመለሻለሽ። ያ ከዛሬው ይብሳል፣ እህቴ።»

ምዝገባው በሰዓቱ ተዘጋ። መዝጋቢው መስኮቱን ከዘጋ በኋላ በጎን በር ወጥቶ፣ ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን ሴት አልፎ መሄድ አቃተው። «የመጣው ዓመት በግል መፈተን ትችያለሽ፤ የቀድሞ ውጤትሽ አለ» አላት። «ብቻ የትም እንዳትመዘገቢ። አደራ!»

«ሥልጠናው የዘንድሮ ነው» አለችው።

በማግሥቱ የማጠቢያ ክፍሉ ሰዎች ተመዝግባለች ብለው በደስታ ጠበቋት። «ዶክተር፣ እንኳን ደስ ያለሽ እንበልሽ እንጂ!» አሉ። እርሷ ከክምሩ አንድ አንሶላ አነሣች፣ ገለበጠችው፣ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። በዚያ ቀን ማንም ዳግመኛ አልቀለደም።

ሳምንት ሳይሞላ ወደ ማታው ትምህርት ቤት ሄደች። የባዮሎጂ መምህሩ በር ላይ ሲያያት «ለቀሻል አሉኝ እኮ» አላት።

«ለቅቄያለሁ። ከኋላ ልቀመጥ?»

«ግቢ። ስምሽን ልጨምረው?»

«በእግዚአብሔር፣ መምህር» አለች እጁን ይዛ፣ «ስሜን የትም እንዳይጽፉት።»