የሁለተኛ ክፍል ሱቅ

አባቴ እኔን ለይቶ ማወቅ ካቆመ በኋላ ቀኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ጠዋት ፊቱን አጥበዋለሁ፣ ሸሚዙን አለብሰዋለሁ፣ ፍርፍር አጎርሰዋለሁ፣ ከዚያ ለጎረቤታችን ትቼው ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ሰዎች «እንዴት ነሽ?» ሲሉኝ «ደህና» እላለሁ፤ ውሸትም አልነበረም። የሚያመኝ ነገር አልነበረም። የሚያስደስተኝም አልነበረም። ሙቀቱ እንኳን እንደ ድሮው አያማርረኝም ነበር።

በዚያ ሰሞን በሒሳብ ትምህርት የደረስነው ገንዘብ ላይ ነበር። ሳንቲሞችን መለየት፣ ብሮችን መለየት፣ ለገዢ መልስ መስጠት። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ሃምሳ ሲቀነስ ሠላሳ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ከክፍሉ ግማሹ ሃያ አምስት አለ። ከዜሮ ላይ አምስት ማንሳት ስለማይቻል ገልብጠው ከአምስቱ ላይ ዜሮውን ያነሳሉ። ከአሥር ቤት መበደርን ደግሜ አስረዳሁ። አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ደወል ተደወለ።

በማግስቱ ሱቅ ለመክፈት ወሰንኩ። መምህራን ሁሉ የሚያደርጉት ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ልጆቹ ከየቤታቸው የሳሙና ወረቀት፣ ባዶ የብስኩት ማሸጊያ፣ የክብሪት ቤትና የሻይ ቅጠል ካርቶን ይዘው መጡ። ሁለት ዴስክ አጋጥመን ባንኮኒ ሠራን። ዋጋውን በማርከር ጽፌ ለጠፍኩ። ሳሙና ሠላሳ አምስት፣ ብስኩት አሥራ ሁለት፣ ክብሪት አምስት። ለብሮቹ ወረቀት ቆርጠን አምስት፣ አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብለን ጻፍንባቸው። ለአንድ ብር ሳንቲሙ ደግሞ የለስላሳ ቆርኪ ሰበሰብን። ሳንቲሞቹንም አዘጋጅቼ ነበር፤ አራት ሃያ አምስት ሳንቲም አንድ ብር እንደሚሆን ማወቅ አለባቸው። አንዱ ልጅ ግን ሃያ አምስቷን አገላብጦ አይቶ «ቲቸር፣ ይቺ ምን ትገዛለች?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። እውነቱን ነው የነገርኩት።

መልስ አሰጣጡን በመቁጠር አስተማርኳቸው። መቀነስ አያስፈልግም። ዕቃው ሠላሳ አምስት ከሆነና ደንበኛው ሃምሳ ከሰጠ፣ ከሠላሳ አምስት ተነስቶ ወደ ላይ መቁጠር ነው። አንድ የአምስት ብር ኖት ሲጨመር አርባ፣ አንድ የአሥር ብር ሲጨመር ሃምሳ። ደንበኛው እጅ ላይ የተቀመጠው አሥራ አምስት ብር መልሱ ነው። በሰሌዳው ላይ ያልገባቸው ይህኛው ገባቸው። ችግሩ የመጣው በቆርኪዎቹ ነው። ክብሪት በአሥር ብር ሲገዛ ባለሱቁ የመጀመሪያውን ቆርኪ ሲያስቀምጥ «አምስት» ይላል፣ ሁለተኛውን «ስድስት»፣ እንዲያ እያለ አሥር ላይ ሲደርስ አምስት መሆን የነበረበት ስድስት ቆርኪ ይሆናል። ሱቁ በየሽያጩ አንድ ብር ይከስራል። ደጋግሜ ነገርኳቸው። እሺ ይላሉ፤ ከዚያ እንደገና «አምስት» ብለው ይጀምራሉ።

ጨዋታውን ግን ወደዱት። የሚያዩትን ሁሉ ይዘው መጡ። አንዱ ባለሱቅ «ዝርዝር የለኝም፣ ማስቲካ ውሰድ» አለ። ደንበኛው «ማስቲካ አልፈልግም፣ ብሬን» አለና ተያያዙ። ሌላዋ እንደ ገበያ ሴቶች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሜቃ?» ብላ በኦሮምኛ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ሲነገራት ፊቷን አዙራ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። አንድ ልጅ ደግሞ አሥር ብሩን ዘርዝሩልኝ ብሎ አሥር ቆርኪ ሲሰጡት ሀብታም የሆነ መስሎት ለጓደኞቹ አሳየ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ማታ ለሰው አወራው ነበር። ያን ጊዜ አልሳቅኩም። ደብተራቸውን አርሜ ወደ ቤት ሄድኩ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታችን በሩን አንኳኳች። ዱከም ፋብሪካ የምትሠራው ልጇ ምጥ ይዟት ነበር።

«ዛሬ አልችልም እህቴ» አለችኝ። «መሄድ አለብኝ።»

«ሂጂ» አልኳት። «በሰላም ትገላገል።»

አባቴን ኮቱን አልብሼ፣ እጁን ይዤ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አየን። አባቴን ያውቀዋል። የከተማው ሰው ያውቀዋል፤ ገበያው አጠገብ ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባና ዘይት እየሸጠ ነው ያሳደገን። ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። ለእኔ «ለዛሬ ብቻ» አለኝ።

ጥግ ላይ ወንበር ሰጠሁት። ልጆቹ ተነስተው «እንደምን አደሩ አባባ» አሉት። ራሱን ነቀነቀ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በመስኮት ሲመለከት ቆየ። ሁለተኛው ሒሳብ ነበር፤ ባንኮኒውን ስንዘረጋ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ከዚያ ተነሳ። ላስቀምጠው ብዬ ስሄድ አልፎኝ ሄዶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ከልጆቹ ኋላ ቆመ።

ባለሱቋ በክፍሉ ፈጣን የነበረች ልጅ ነች። ተራው ሲደርስ ቀና ብላ አየችው።

«አባባ፣ ምን ይፈልጋሉ?»

«ሳሙና» አለ። ዕቃዎቹን አየ። «ብስኩትም ስጪኝ።»

«ሠላሳ አምስትና አሥራ ሁለት…» ጣቷ ላይ ቆጠረች። «አርባ ሰባት።»

እጁን ኮቱ ውስጠኛ ኪስ ከተተና መቶ ብር አወጣ። እውነተኛ ነበር፤ ግን አሮጌው፣ በበሬ የሚያርስ ገበሬ ያለበት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲሱ የተተካው። ኪሱ ውስጥ እንደነበር አላውቅም ነበር። ልጅቷ ተቀብላ አገላበጠችው። ያን ብር አይታ አታውቅም።

«ይሄ አይሠራም መሰለኝ» አለች ወደ እኔ ዞራ።

ከአባቴ ኋላ የተሰለፈው ልጅ አንገቱን አስግጎ አየ። «መቶ ይላል እኮ» አለ። «የኛም ወረቀት ነው።»

ባለሱቋ ትንሽ አሰበችና ብሩን ካርቶኑ ውስጥ አስገባች። ከዚያ መልስ መቁጠር ጀመረች። የመጀመሪያውን ቆርኪ አባቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። «አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ።» አራት ቆርኪ ሆነ። በላዩ ሃምሳ ብር ወረቀት ጨመረች። «መቶ።»

አባቴ መዳፉን ዝቅ አድርጎ አየ። አንዱን ቆርኪ አንስቶ ባንኮኒው ላይ መለሰ።

«አንድ ብር አበዛሽ።»

«ቆጥሬያለሁ እኮ አባባ።»

ጣቱን ሳሙናውና ብስኩቱ ላይ አደረገ። «አርባ ሰባቱ ይኸውልሽ፣ ዕቃው ነው። እሱን ሰጥተሽኛል። ብሩ ከአርባ ስምንት ይጀምራል።»

ልጅቷ ዕቃውን አየች፣ ቆርኪዎቹን አየች። ዕቃውን ነካ አድርጋ «አርባ ሰባት» አለች። ከዚያ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ነካች። «አርባ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ።» ሃምሳ ብሩን ነካች። «መቶ። መልሱ ሃምሳ ሦስት ነው።»

«ጎበዝ» አላት አባቴ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ መጀመሪያ ዕቃውን ነክተው ዋጋውን ጠርተው ነው ቆርኪ ያነሱት። አባቴ ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ ያያል፤ አልፎ አልፎ የተዘበራረቀውን ሳሙና ያስተካክላል። ቤት ውስጥ የማንኪያ አያያዝ የሚጠፋበት ሰው ነው። እኔ ሰሌዳው ሥር ቆሜ አየሁት። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቄአለሁ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር።

ደወል ሲደወል ልጆቹ ወጡ። አባቴ ካርቶኖቹን መደርደር ጀመረ። አብሬው ደረደርኩ።

«ጥሩ ትሠሪያለሽ» አለኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«ያንተ።»

ፈገግ አለ፤ እንደ ቀልድ ነው የወሰደው። «የኔ ልጅ ገና ትንሽ ናት» አለ። «ትምህርት ቤት ገብታለች።»

«በየትኛው ክፍል?»

አሰበ። «እንጃ» አለ፣ ቀጥሎም የክብሪት ቤቱን አንስቶ ዘጋው።

ጎረቤታችን ዱከም ቆየች፤ ልጇ በቀዶ ሕክምና ነበር የወለደችው። ርዕሰ መምህሩ ምንም ስላላለኝ አባቴን ዓርብም ሰኞም ማክሰኞም ይዤው ሄድኩ። በር ላይ ልጆቹ ይጠብቁታል። ማክሰኞ ዕለት አንድ ልጅ መጥቶ ሻይ ቅጠልና ሳሙና አነሳ። ባለሱቁ ዋጋውን ነገረው። ልጁ መዳፉን እንደ ስልክ ዘርግቶ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ልኬልሃለሁ» አለ። «መልእክቱን እየው።»

ባለሱቁም መዳፉን አየና «ገብቷል» አለው። መልስም አላስፈለገም። ልጁ ዕቃውን ይዞ ዞረ። አባቴ ክንዱን ያዘው።

«ሳትከፍል የት ነው?»

«ከፍያለሁ አባባ። በስልክ።»

«ምን ከፈልክ? ባዶ እጅህን አይደል ያሳየኸው?»

«አባዬ፣ ተወው፣ ጨዋታ ነው» አልኩት። አልሰማኝም። ልጁን ነቀነቀው፣ «ሌባ» አለው። ያን ድምፅ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ሱቁ ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልጁ አለቀሰ። የአባቴን ጣቶች አንድ በአንድ አላቅቄ ልጁን አስለቀቅኩት። ክንዱ ቀልቷል። ሌሎቹ ሄደው ዴስካቸው ላይ ተቀመጡ።

በማግስቱ የልጁ እናት መጣች። አልተቆጣችም። «ይገባኛል ቲቸር» አለች፣ «ግን ልጄ ፈርቷል።» ልክ ነች። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ልጁንም ጠየቅኩት። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ «ከእንግዲህ አይሆንም» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት።

ያን ማክሰኞ፣ የልጁ እናት ከመምጣቷ በፊት፣ ወደ ቤት የተመለስነው በእግራችን ነበር። አባቴ የሆነውን ረስቶታል። ባጃጆች ያልፋሉ፣ አቧራው ይነሳል፣ እጄን ይዞኛል። አስፋልቱን ከተሻገርን በኋላ ቆመና ፊቴን አየ።

«ደክሞሻል?» አለኝ።

ማን መስዬው እንደጠየቀኝ አላውቅም። የአንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። እንባዬ መጣ፣ ብዙም አልነበረም፣ በነጠላዬ ጠረግኩት። ምን እንደተሰማኝ አሁንም በትክክል መናገር አልችልም። ትንሽ ተቀምጠን ተነሳን።

ቀን ቀን አባቴን የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ቀጠርኩ። ከአዳሚ ቱሉ የመጣች፣ ዝምተኛ ናት። በኦሮምኛ ታወራዋለች፣ እሱም በኦሮምኛ ይመልስላታል፤ ከእኔ ጋር ከሚያወራው በላይ ያወራል። በፈተናው ገንዘብ ላይ የመጡትን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ልጆች ሠሩ። ባንኮኒውን አፍርሼ ዴስኮቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ቀጣዩ ምዕራፍ ርዝመት ነበር፤ ሰሌዳውን በስንዝር ለካነው። የአንዱ ስንዝር ከሌላው ስለሚለይ ቁጥሩ አልገጥም ብሏቸው ሲከራከሩ ዋሉ። እኔም ማስመሪያዬን ከመሳቢያ አውጥቼ ተጨቃጭቀው እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።