ለሁለተኛው ረድፍ ወንበር የጻፍኩት ማመልከቻ

ጸጉር የለኝም። ከጆሮዬ በላይ የቀረችው ጠርዝ ብትሆንም ለማስታወሻ ያህል ነው የቆየችው። ይሁንና ሮቤ ውስጥ ካለ አንድ ጸጉር ቤት ሳልደርስ ሳምንት አያልፍም፤ ጢሜን እላጫለሁ፣ ወሬ እሰማለሁ፣ ተራ የሚጠብቁትን እተቻለሁ። ባለቤቱ የጎባ ተወላጅ ነው። አርባን ያለፈ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ እጁ ቀላል ሰው። አንድ ቀን ሒሳብ ስሰጠው፣ «ጋሼ፣ በጸጉር ብዛት ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ መልስ የምሰጥዎ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደድኩት።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ደብዳቤ ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ፋይል ውስጥ አስገብቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ቢሮዎቹ ፊት ለፊት ላስቲክ ወጥሬ፣ አንዲት ጠረጴዛ ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አብዛኛው በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ የሚፈልግም አይጠፋም። ሰው ቢጠይቃችሁ ጥሩ ጸሐፊ ነው በሉልኝ። የሚከተለውን እስክታነቡ ድረስ።

ጸጉር ቤቱ ጠባብና ረዥም ነው። በቀኙ ግድግዳ መስተዋት ተደርድሮ ሦስት ወንበር አለ፤ አንዱ ላይ እሱ፣ ሁለቱ ላይ ቅጥረኞቹ ይሠራሉ። በግራው ግድግዳ የተራ ጠባቂዎች አግዳሚ ብቻ ነው። አግዳሚውን አንስቶ በዚያም ግድግዳ መስተዋት ሊሰቅልና ሌላ ሦስት ወንበር ሊተክል አሰበ። ሰዉ ወረፋውን እያየ ወደ ሌላ ቤት ይሄድበት ነበርና ሐሳቡ ጤነኛ ነው። ገንዘቡ ግን የለውም። ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ አበዳሪ ተቋም ሄደ፤ ዋስትና ተባለ። የራሱ ቤት የለውም። የሚስቱ እናት ጎባ ውስጥ ካርታ ያለው ቤት አላት። ባሏ የሞተባት፣ ከዚያ ቤት ሌላ በዓለም ላይ ምንም የሌላት ሴት ናት። ቤቴን አስይዝ አለችው። ነገሩ ከተበላሸ ሜዳ ላይ የምትወድቀው እሷ ነች ማለት ነው። ይህን እያወቅኩ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ክላሰር ተሟልቶ ነበር፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ፣ የዓመቱን ግብር መክፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የኪራይ ውል፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የአማቱ ካርታ ቅጂ፣ የወንበሩና የመስተዋቱ ፕሮፎርማ። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ አገላብጦ ከላይ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጎደለ አለው። ማን እንደሆንክ፣ ስንት እንደምትፈልግ፣ ለምን እንደምትፈልግ፣ ከምን እንደምትመልስ፣ ምን ምን እንዳያያዝክ የሚል አንድ ገጽ።

ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣ። ራሱ የሞከራት ሁለት መስመር ነበረች፤ ወንበር መጨመር ስለምፈልግ አበድሩኝ ትላለች። ሳቅኩበት። ይህ ከጎረቤት መሰላል የሚለመንበት ነው እንጂ ብድር አይጠየቅበትም አልኩት። በቀን ስንት ራስ ትቆርጣላችሁ ስለው አሰብ አደረገና፣ ሲበዛ ሠላሳ ይሆናል አለ። «ሲበዛ» የምትለዋን ቃል እኔ አስቀረኋት። ለዓረፍተ ነገሩ ውበት አትስማማም ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«በቀን ሠላሳ ደንበኞችን በማስተናገድ ላይ የምገኝ ሲሆን፣ በቦታ ጥበት ምክንያት የሚመለሱትን ለማስተናገድ ሁለተኛ ረድፍ ወንበር መትከል አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከዚህ ጋር የተያያዘው ማስረጃ ታይቶ ብድሩ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እጄ ግን የመዝገብ ቤት እጅ ነው። ግርጌ ላይ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ሱሪ ያልታጠቀ ሰው ይመስለኛል። ስለዚህ ሳላስብ ጨመርኩ፤ ግልባጭ ለንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጭ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት። ደብዳቤው ከበደ፣ ግርማ አገኘ። ጸጉር አስተካካዩም ታዛዥ ነው፤ በሦስት ቅጂ አሳትሞ፣ ፈርሞ፣ በየቢሮው አስገብቶ በየቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመትቶ ተመለሰ። ጎበዝ አልኩት። ለራሴም ጎበዝ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ልላጭ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከተራራው በኩል ጉሙ ወርዶ መንገዱን ስለዋጠው ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። አረፋውን ቀባኝ፣ አዲስ ምላጭ ሰካ፣ አገጬን ወደ ላይ ቀና አደረገው። ከዚያ በዝግታ ማውራት ጀመረ። የገቢዎች መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ደብዳቤውን አንብባ ቀና ብላ አይታው፣ «በቀን ሠላሳ?» ብላ ፈገግ ብላለች። ሌላ አላለችም። ለቀን ገቢ ግምት የመጡት ኮሚቴዎች ሲጠይቁት ግን አሥራ ሁለት ብሎ ነበር ያስመዘገበው። ክላሰሩ ውስጥ ያለው የግብር ማስረጃም የቆመው በዚያ ግምት ላይ ነው።

ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣» አለ፣ «ለገቢዎች ግልባጭ ያደረግነው ለምንድን ነው?»

በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ በእንዲህ ያለ አቀማመጥ ግን ተጠይቄ አላውቅም። ምራቄን መዋጥ እንኳ ፈራሁ። ልማድ ነው አልኩት፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ምላጩ ትንሽ ቆየና መንገዱን ቀጠለ። ጨርሶ ፊቴን ሲጠርግ አንድም ቦታ አልቆረጠኝም። የከበደኝ ይኸው ነው።

በማግስቱ ገቢዎች መዝገብ ቤት ወዳለችው ሴት ሄድኩ። ደብዳቤው በስሕተት ነው የገባው፣ እንውሰደው አልኳት። በአክብሮት ተነስታ ወንበር ሰጠችኝና መዝገቡን ገልጣ ቁጥሩን አሳየችኝ። ቁጥር የተሰጠው ወረቀት በቃል አይወጣም፤ ይመለስልኝ የሚል ሌላ ማመልከቻ ያስፈልገዋል፣ እሱም ይመዘገባል። ማለትም ማንም ያላየውን ደብዳቤ እዩልኝ ብሎ መጥራት ነው። እንዴት እንዲህ ትጨክኛለሽ ብላት፣ «ኦቦ፣ ሥራውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ረሱት?» አለችኝ። አልረሳሁም። ሰልጣኝ ሆና እኔ ዘንድ ስትመጣ፣ የገባ ወረቀት እንደ ሞተ ሰው ነው፣ በቤተሰብ ልመና አይነሣም እያልኩ አስቃት ነበር። ደብዳቤው አሁን የት ነው አልኳት። ወደ ላይ ወጥቷል አለችኝ፤ ማን ዘንድ እንደሆነ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ቀረ። አበዳሪው ሳያስታውቅ ሰው ልኮ ሥራውን እንደሚያይ ነግሮታል። ገቢዎችም ሊልክ ይችላል፤ እነሱም አያስታውቁም። ጸጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ጥላ ባረፈ ቁጥር ቀና ይላል። አማቱ ከጎባ ትደውላለች፤ ብድሩ ደረሰ ወይ ትለዋለች፤ ገና ነው ይላታል፤ ግልባጩን አልነገራትም። ሚስቱም አላወቀችም። የምናውቀው ሁለታችን ነን፤ እኔ ደግሞ ምስጢር ስይዝ ሆዴን ይነፋኛል።

የገበያ ቀን ባልሆነ ዕለት አንድ ሰው መጣ። ግራጫ ጃኬት፣ ጭቃ የነካው ጫማ፣ በእጁ ትንሽ ደብተር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ወንበር ሲለቀቅ ግባ አሉት፣ ሌላው ይቅደም አለ። ሁለተኛም ሌላው ይቅደም አለ። አንድ ሰው ከወንበር በተነሳ ቁጥር ደብተሩ ላይ አንዲት ሰረዝ ያሰምራል። ቶንዶሱ ብቻ ይጮኻል፤ ወሬ የለም።

ከማን ነው የመጣው? ከአበዳሪው ከሆነ ሰው መብዛት አለበት፤ ሠላሳ ብለናልና። ከገቢዎች ከሆነ ሰው ማነስ አለበት፤ አሥራ ሁለት ብለናልና። እኔ እንደ ብልጥ ሰው አጠገቡ ተጠግቼ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ለማለት «አካም ቡልተን» አልኩት። «ነጋ»፣ ሰላም ነው አለኝ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። ጫማውን አየሁ፣ ብዕሩን አየሁ፣ ደብተሩን በዓይኔ ጥግ ለማንበብ ስሞክር ገጹን አዞረው። መርማሪ መሆን እንኳ ያልቻልኩ ሰው ነኝ።

ወደ አምስት ሰዓት ሲሆን ጸጉር አስተካካዩ ፎጣ ሊያራግፍ በሚመስል አኳኋን ወደ በሩ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ላፍጥን ወይስ ላዝግም?»

እኔ ልቤ አዝግም አለኝ። ግብር ቢጨመርበት በየዓመቱ ነው፣ ብድር ግን ቢከለክሉት አንድ ጊዜ ነው ብዬ አሰላሁ፤ ለአማቱም ቤት የሚሻለው ብድሩ ቢቀር ነው። ይህን ልለው አፌን ስከፍት ወንበሩ ላይ ወዳለው ደንበኛ ዞር ብሎ አየ። ደንበኛው ጸጉሩ በግማሽ ተቆርጦ በመስተዋቱ ውስጥ ይጠብቀዋል።

«ተዉት፣» አለኝ። «እንደ ሁልጊዜዬ እቆርጣለሁ።»

እስከ ማታ እንደ ሁልጊዜው ቆረጠ። እኔም አልሄድኩም፤ ምሳ እንኳ አልበላሁም። ባለግራጫው በስተመጨረሻ ወንበር ላይ ወጥቶ ጸጉሩን ተቆረጠና እንደ ማንም ከፈለ። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ ቆጠረ።

«ከእኔ ጋር ሃያ አንድ፣» አለ። «ማመልከቻህ ሠላሳ ይላል፤ የግብር ወረቀትህ አሥራ ሁለት። ከአበዳሪው ነኝ። ሁለቱንም ፋይልህ ውስጥ አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱንም አላምናቸውም።»

ያ ሁሉ ፍርሃት ለግልባጩ ነበር፤ ጉዱ ግን ከመጀመሪያው ክላሰሩ ውስጥ ነበር የተቀመጠው። እኔ ላስቲኩ ሥር ተቀምጬ አባሪዎቹን አንድ በአንድ ስዘረዝር የግብር ወረቀቱን በእጄ ይዤው ነበር። አላነበብኩትም። አባሪ ይቆጠራል እንጂ አይነበብም፤ የመዝገብ ቤት ሰው እንዲህ ነው።

ሰውዬው ውሳኔውን ቁጭ ብሎ ነገረው። «እኔ የማበድረው በቆጠርኩት ላይ ነው፤ ሃያ አንድ ሰው ሁለት ተጨማሪ ወንበር ይሸከማል፣ ሦስት አይሸከምም። ከዚያ በፊት ግን ገቢዎች ሄደህ ግምትህን ራስህ አስተካክል፤ እነሱ መጥተው ካገኙህ ቅጣት አለው፣ ቅጣት ያለበት ሰው ደግሞ ለእኔ አይሆነኝም» አለው። ጸጉር አስተካካዩ በማግስቱ ሄዶ ሃያ አንድ አለ። ማመልከቻውን ራሱ ጻፈው፤ ሁለት መስመር ነበር አሉ። እኔን አልጠራኝም፣ እኔም አልተቀየምኩም። ግብሩ ጨመረ። ከወር ወር የሚተርፈው ቀነሰ፤ የብድሩ ክፍያ ግን የሚጠብቀው ያንኑ ትርፍ ነው።

አማቱ ለመያዣ ውሉ ከጎባ ወደ አበዳሪው ቢሮ መጣች። ቤቱ የእሷ ስለሆነ መፈረም ያለባት እሷ ናት። አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ማንበብ ስለማትችል ውሉን እንዳነብላት የጠየቀችኝ ራሷ ነች። ጸጉር አስተካካዩ ከኋላችን ቆሟል። አነበብኩላት። ሁሉንም፤ ምንም ሳላስቀር፣ ምንም ሳላሳምር። እዚህ ዕድሜ ደርሼ በዚያ ቀን ነው ወረቀትን እንደተጻፈ ያነበብኩት።

«ካልከፈለ ስንት ጊዜ ይሰጡኛል?» አለችኝ።

ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፣ ቀኑ ካለፈ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል አልኳት።

ዞራ አማቿን አላየችውም። ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ፤ ስታነሣው ቀለሙ ነጠላዋን እንዳይነካ ጣቷን አርቃ ይዛ፣ የምትጠርግበት ጨርቅ በዓይኗ ትፈልግ ጀመር። ማንም አላቀበላትም። ሠራተኛው ወረቀቱን ወስዶ ቁጥር ሰጠው።