ያላመማት ጥርስ

ፅጌ ማርያም ባሏን ስትቀብር አላለቀሰችም። ሰው ይህን ሲሰማ “ጉድ ነው!” ይላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ ነው። ባሏ ተክለ ጊዮርጊስ ምእመናንን በጣና ላይ ወደ ገዳማቱ የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ነበር። አንድ ጠዋት ሞተሩን ሊያስነሣ ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች፤ በቃ። ዘመድ አዝማድ ደረቱን ሲደቃ እሷ ቆማ አፈሩን ስታይ ዋለች። ከሠልስቱ በኋላ ወደ ሥራዋ፣ ዓባይ ማዶ ወዳለው የኮሌጅ ወጥ ቤት ተመለሰች። ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ዓይኗ አያነባም። “አይ ጥንካሬ!” አሏት ባልደረቦቿ። ምን ጥንካሬ አላት! ደንዝዛ ነው እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ኮቱ። ከሥራ ስትገባ በሩን ትዘጋና ከሣጥኑ አውጥታ ኮሌታውን አፍንጫዋ ላይ ታደርገዋለች። ናፍጣ ይሸታል፣ የሰውየው ላብ ይሸታል፣ ደግሞ ሁልጊዜ በኪሱ የማይለየው ጤና አዳም ይሸታል። ያን ጊዜ ደረቷ ውስጥ የተቋጠረው ነገር ትንሽ ላላ ይልላታል። አታለቅስም። ግን አንድ ቀን ማልቀስ የምትችል ይመስላታል፤ ለዚያ ነበር የምትኖረው።

ክረምቱ እንደገባ ግራ ጉንጯን ከበዳት። ጎንበስ ስትል ዓይኗ ሥር ይወቅራታል፤ የግራው አፍንጫዋ ተደፈነ፤ በዚያው በኩል ያሉት የላይ ጥርሶቿ እንጀራ ሲያኝኩ እንኳ ይጠዘጥዟት ጀመር።

“ሳይነስ ነው!” አለች ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ሸዋዬ። ሸዋዬ በሰፈሩ ያልመረመረችው ሰው የለም። ራሱን ያመመው ሳይነስ፣ ጆሮው የጮኸበት ሳይነስ፤ ባሏ አምሽቶ ቢገባ እንኳ ሳይነሱ ተነሥቶበት ነው ከማለት አትመለስም። ዳማከሴ ጨምቃ አሸተተቻት፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ በጋቢ ሸፍና አጠነቻት። ጤና ጣቢያ ስትሄድም ያሏት ያንኑ ነው። የሰጧትን መድኃኒት ስትውጥ ተሻላት፤ ስትጨርሰው ተመለሰባት። ሁለተኛም ሰጧት፤ ሁለተኛም ተመለሰባት።

ሽታው የመጣ ያኔ ነው። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ኮቱን አውጥታ አፍንጫዋን ብታስጠጋ፣ ገማ። ሻጋታ አይደለም፤ የበሰበሰ ሥጋ የመሰለ ክፉ ግማት። ሸዋዬን ጠራቻት።

“እስቲ አሽትችልኝ።”

ሸዋዬ ኮቱን ወዲህም ወዲያም አገላብጣ አሸተተች። “እኔስ ግማት አልሸተተኝም።”

“አንቺማ ሳይነስ ይዞሽ ይሆናል” አለቻት ፅጌ።

በሸዋዬ መሣሪያ ሸዋዬን መምታቷ ነበር። ምነው ባልመታቻት! በማግሥቱ ኮቱን ዘፈዘፈችው። ኪሶቹን ገልብጣ፣ ኮሌታውን በሳሙና ፈትጋ ፀሐይ ላይ ሰጣችው። ሲደርቅ አሸተተችው፤ አሁንም ይገማል። እንደገና በሎሚ አጠበችው፤ አሁንም ያው። የሐይቁ እርጥበት በልቶት ነው ብላ በፌስታል ጠቅልላ ከሣጥኑ ሥር ከተተችው። ኮቱም እንደ ባለቤቱ ሄደባት ማለት ነው። ያን ለትም አላለቀሰችም።

ውሎ አድሮ ማኘክ ሲያቅታት፣ የሚያማትን ጥርስ አስነቅላ ለመገላገል ከተማ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ሄደች። ዶክተር ዜማ የምትባል ለልጅነት የምትሆናት ሐኪም ተቀበለቻት።

“የትኛው ነው የሚያምዎት፣ እናቴ?”

ፅጌ ከመንጋጋዋ ፊት ያለውን ትንሹን ጥርስ በጣቷ ነካች። “ይኸው። ንቀይልኝና ልረፍ፣ ልጄ።”

“ዝም ብሎ አይነቀልማ! መጀመሪያ ይኑር ይሙት እንየው” አለች ሐኪሟ። ጥጥ ላይ እንደ በረዶ የሚቀዘቅዝ ነገር ነፍታ ጥርሶቿን ተራ በተራ ታስነካ ጀመር። “ሲሰማዎት እጅዎን ያንሡ።”

በቀኝ በኩል ያሉት ሁሉ ቅዝቃዜው ተሰማቸው። ይነቀልልኝ ያለችው ትንሹ ጥርስም ገና ሲነካ ጥዝ አደረጋት፤ ጥጡ ሲነሣ ተወት። ከሱ ኋላ ያለው፣ ከዓመታት በፊት የተሞላው መንጋጋ ተራው ደረሰ። ፅጌ እጇን አላነሣችም። ሐኪሟ ደገመችው። ምንም።

“እሱን ተይው፤ እሱ ደኅና ነው” አለች ፅጌ። “አሞኝም አያውቅ።”

“ስለማይሰማው እኮ ነው የፈራሁት” አለች ዶክተር ዜማ። ራጅ አንሥታ አሳየቻት። ከመንጋጋው ሥር ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ አለ።

“ያዩታል? ጥርሱ ውስጡ ሞቷል፤ ሥሩም ተሰንጥቋል። ከጉንጭዎ አጥንት ውስጥ አየር የሚገባበት ባዶ ቦታ አለ፤ ሳይነስ የሚሉት እሱን ነው። የዚህ መንጋጋ ሥር ከሱ ጋር ጎረቤት ነው፤ የሚለያቸው ስስ አጥንት ነው። መግሉ ወደ ላይ ወደዚያ መውጫ ስላገኘ ጥርሱ አላበጠም፣ አላመመዎትም። ጎረቤቶቹን ነው ያሳመመ። የሚነቀለው እሱ ነው።”

“ጤና ጣቢያ ሳይነስ ነው ብለውኝ ነበር።”

“ሳይነሱም አለ፤ አልተሳሳቱም። ምንጩ ነው የተደበቀባቸው። በጉንፋን የመጣ ሳይነስ ቢሆን የላይ ጥርሶችዎ ቢያሙም ሁሉም ቅዝቃዜው ይሰማቸው ነበር። ባንድ ወገን ብቻ ሲሆን፣ በመድኃኒት እየተሻለ ሲመለስ፣ ደግሞ ሲገማ፣ ጥርስ እንጠረጥራለን። ክፉ ሽታ ይሸትዎታል?”

ፅጌ ቀና አለች። “ይሸተኛል።”

“ከዚሁ ነው። ሌላ ሰው ላይሸተው ይችላል፤ ለርስዎ ግን የቀረቡት ነገር ሁሉ የሚገማ ይመስልዎታል።”

ፅጌ የሐኪሟን እጅ ያዝ አደረገች። ሐኪሟ መነቀሉን ፈርታ መሰላት።

“እንዲያ ከሆነ ኮቱ ደኅና ነበር ማለት ነው?”

“የቱ ኮት?”

ፅጌ አፏን ከፈተች። የማደንዘዣው መርፌ ጉንጯን ሲያፈዝዘው፣ ሰውነቷ ሁሉ እንዲህ ከሆነ መክረሙን አሰበች። መንጋጋው ወጣ፤ መግሉም ተከትሎት ወጣ። ዶክተር ዜማ መድኃኒት ጻፈችላት፤ አፍንጫዋን በኃይል እንዳትናፈጥ፣ ስታስነጥስም አፏን እንድትከፍት መከረቻት፤ ሳይነሱን ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም እንዲከታተልላት ላከቻት።

ሕመሙ ለቀቃት። ጉንጯ ቀለለ፤ የተደፈነው አፍንጫ ቀስ በቀስ ተከፈተ። አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ውስጥ ቁሌቱ ሸተታት፤ ደኅና አድርጎ ሸተታት። ማማሰያውን ለባልደረባዋ አቀበለችና ወደ ቤቷ ከነፈች።

ፌስታሉን ፈታች። ኮቱን ፊቷ ላይ አደረገችው። ግማት የለም። ሳሙና ሸተታት። ሎሚ ሸተታት። ኮሌታውን አሸተተች፣ ብብቱን አሸተተች፣ ኪሱን ገልብጣ አሸተተች፤ ሳሙናና ሎሚ ብቻ። ናፍጣ የለም፣ ላብ የለም፣ ጤና አዳም የለም።

“አጠብሁህ” አለችው ኮቱን። “በገዛ እጄ አጠብሁህ እኮ!”

ያን ጊዜ ጮኸች። ግድግዳው እስኪነቃነቅ ጮኸች። ሸዋዬ ሊጥ በእጇ እንደያዘች እየሮጠች ገባች።

“ምነው ፅጌ? ጥርሱ ነው? ሳይነሱ ተመለሰብሽ?”

ፅጌ ኮቱን እንዳቀፈች ቀና አለች፤ ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር።

“ተክለ ጊዮርጊስ ሞተ” አለቻት።

ሸዋዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና አጠገቧ ተቀመጠች።