በተራ ቁጥር ስድስት የተጻፈው የእኔ ስልክ

ልጄ ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ሥራው እዚሁ ሆሳዕና ሆና፣ ከቤት ሳትወጣ፣ የደንበኞችን ጥያቄ በጽሑፍና በስልክ መመለስ ነው። ቃለ መጠይቁም በኮምፒውተር እንደሚካሄድ ነገሯት። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ላመለከተችው ሁሉ መልስ የሰጣት ይህ ድርጅት ብቻ ስለነበር፣ ነገሩ ለእሷ ቀልድ አልነበረም። ለእኔ ግን ትንሽ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከቃለ መጠይቁ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የድርጅቱ የሰው ኃይል ባልደረባ የዝግጅት ዝርዝር በኢሜይል ላከችላት። ስድስት ተራ ቁጥር አለው። ፕሮግራሙን ጭና በምትጠቀምበት ኮምፒውተር እንድትሞክረው፣ ካሜራው በዓይኗ ልክ እንዲሆን፣ ብርሃን ከፊቷ እንጂ ከጀርባዋ እንዳይመጣ፣ ማዳመጫ እንድታደርግና ክፍሉ ጸጥተኛ እንዲሆን፣ አጠገቧ ያሉ ስልኮችና ማሳወቂያዎች ድምፅ እንዳያሰሙ፣ በመጨረሻም ግንኙነቱ ቢቋረጥ የሚደውሉበት ተጠባባቂ ስልክ ቁጥር እንድትልክና ያ ስልክ ክፍት ሆኖ በቅርብ እንዲገኝ ይጠይቃል። ሰው ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ የሚታዘዝበት ዘመን ደረስን ብዬ ሳቅሁ። ቀጥዬ ግን ዝርዝሩን በወረቀት አሳትሜ ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ።

እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛውንም የኤሌክትሪክ ሥራውንም አንጋጫ እያለሁ ከመዝገበ ቃላትና ከዕቃ ካርቶን ላይ ብቻዬን ነው የተማርኩት። እንዲህ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ያነበበውን ሁሉ የገባው ይመስለዋል።

የሙከራውን ሊንክ ስትከፍት ፕሮግራሙ ካሜራና ማይክሮፎን እንዲጠቀም ፍቃድ ጠየቃት፤ ፈቀደች። ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያሰማበት ቦታ አለው። እኔም ልሞክረው ብዬ ጠጋ አልኩና ስለ ሰዓት ማክበር ጥቂት ተናገርኩ። መልሶ ሲያሰማኝ ክው አልኩ። ቤተሰቤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲያዳምጠው የኖረው ይህን ድምፅ ከሆነ፣ ትዕግሥታቸው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሆኖም ምልክት አደረግሁ። ላፕቶፑን በዓይኗ ልክ ለማድረግ የልብስ ስፌት ማሽኑን ሣጥን ከሥሩ አስገባሁ፤ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ምልክት፣ ምልክት።

ጸጥታው ከባድ ነበር። ከአጥራችን ጎን በርና መስኮት የሚበይድ ጎረቤት አለን። ሄጄ ነገሩን አስረዳሁትና ለአንድ ሰዓት እንዲታገሰኝ ለመንኩት። «ጋሼ፣ እርስዎ ሰውን ዝም ሲያሰኙ እንጂ ሲለምኑ አይቼ አላውቅም» አለኝና ተስማማ። ሰዓት ሳይመርጥ የሚጮኸውን አውራ ዶሯችንን ባለቤቴ ዳምቦያ ከሚሄዱ ዘመዶቿ ጋር ልትልከው አስባ ነበር፤ እኔ ቅርጫት ደፍቼበት አለፍኩ።

ተራ ቁጥር አምስት ለዕለቱ ይቆይ፤ ቀረ ተራ ቁጥር ስድስት። ልጄ የራሷን ቁጥር ልትጽፍ ስትል ከለከልኳት። ኢንተርኔቱን ወደ ላፕቶፑ የምታጋራው ከስልኳ ስለሆነ፣ ጥሪ ቢገባበት መስመሩ ይቋረጣል አልኳት። ምክንያቱ እውነት ነው፤ የእኔ ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። የማላውቀው ሰው ለልጄ እንዲደውል አልፈልግም። የሥራ ማመልከቻዋ ላይ እንኳ የእኔን ቁጥር ነበር ያስጻፍኳት። እናቷ ከወጥ ቤት፣ ሰውዬው ሊያገባት ሳይሆን ሊቀጥራት ነው የሚደውለው አለችኝ። መልስ መስጠት ከክብሬ በታች መስሎኝ ወደ ልጄ ዞርኩ። የእኔ ቁጥር ተጻፈ።

በቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ልጄ ክፍሉ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ደጃፉ ላይ በርጩማ አስቀምጬ ዘብ ቆምኩ። ወረቀቱን ለመጨረሻ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ተራ ቁጥር አምስት፣ አጠገብዎ ያሉ ስልኮች ድምፅ እንዳያሰሙ ይላል። እኔ ትእዛዝን በከፊል የምፈጽም ሰው አይደለሁም፤ ስልኬን ጨርሼ አጠፋሁትና ኪሴ ከተትኩ። ቀይ ምልክት። ተራ ቁጥር ስድስት፣ ተጠባባቂው ስልክ በቅርብ ይሁን። ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከዚህ የቀረበ የት አለ? ቀይ ምልክት።

ሃያ ደቂቃ ያህል በበሩ በኩል ድምፅዋ ረጋ ብሎ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። ልጄ በስልኳ ልትገባ ሞከረች፤ በሰፈራችን መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱም ተከትሎት ስለሚሄድ አልሆነም። የቀረው ጥሪ ብቻ ነው። ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባዬ፣ ደወሉ?»

«አልደወሉም።»

ጠበቅን። አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ስለ አዲስ አበባ ድርጅቶች ንግግር ጀመርኩ። ሌላውን በስድስት ተራ ቁጥር የሚያስጨንቁ፣ ራሳቸው ግን አንድ ቃል የማያከብሩ ሰዎች መሆናቸውን በሰፊው አብራራሁ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ያዳምጠኛል። መብራት ባይኖርም መዶሻ አያጣም ነበር፤ ቃሉን ግን ጠብቋል። ልጄ እስክጨርስ ጠብቃ ጠየቀችኝ።

«ስልክህ የታለ?»

አወጣሁት። ጥቁር ነው።

ሁለታችንም አየነው። ልጄ «አሁን ክፈተው» ብቻ አለችኝ፤ ልትለው የምትችለውን ሁሉ እኔ በሃያ ዓመት ውስጥ ለሌሎች ስላልኩት ሳይሆን አይቀርም፣ ቀሪው በራሱ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኝ ጀመር። ስልኩን ከፈትኩት። ያመለጡኝ ሦስት ጥሪዎች ከአንድ ቁጥር እንደነበሩ የሚገልጽ መልእክት ገባ። ደወልኩ። ያነሳችው ዝርዝሩን የላከችው ሴት ነበረች። የእጩዋ አባት ነኝ አልኳት።

«ሦስት ጊዜ ደወልን እኮ» አለች።

መብራቱን ማመካኘት እችል ነበር። ኔትዎርኩንም። ማንም አያጣራም፤ ግን ልጄ ፊቴን እያየች ነው፣ ጎረቤቴም ከማዶ አለ።

«ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ተራ ቁጥር አምስት ድምፅ እንዳይሰማ ስለሚል። ልጅቷ ጥፋት የለባትም።»

«ተራ ቁጥር ስድስት ግን ክፍት ይሁን ይላል፣ አባባ።»

«አንብቤዋለሁ። ምልክትም አድርጌበታለሁ።»

ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልቻለችም። ከዚያ ሌላ ተጠያቂ እስኪገባ አሥራ አምስት ደቂቃ እንዳላቸው ነግራኝ፣ ስልኩን ለልጄ እንድሰጣት ጠየቀችኝ።

ልጄ የጥሪ ድምፅ በደንብ በሚሰማበት በአጥሩ ጥግ ቆማ ተጠየቀች። በጣም የተቆጣ ደንበኛ ቢደውልላት ምን እንደምታደርግ ጠየቋት መሰለኝ፤ መልሷን ሰማሁት። «መጀመሪያ ተናግሮ እስኪጨርስ አዳምጠዋለሁ» አለች። «ጥፋቱ የማን ነው ብዬ አልከራከርም፤ አሁን ምን ማድረግ እንደምንችል ነው የምነግረው።» ከደቂቃዎች በፊት በእኔ ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ይህን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም። ከየት እንደተማረችው ግን እገምታለሁ፤ ከእኔ ጋር ከመኖር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መቀጠሯን ነገሯት። ከውሉ ጋር የሚሞላ ቅጽ መጣ፤ እሱም ተጠባባቂ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቦታ የራሷን ቁጥር ጻፈች። በሁለተኛው የእናቷን፤ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ አራት ቀን የሚቆይ፣ ከተገዛ ጀምሮ ጠፍቶ የማያውቅ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ልጄ ቅጹን እንዳየው ሰጠችኝ። ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁና የሁለቱንም ቁጥሮች አሃዝ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ስህተት አላገኘሁም።