ከሳሙናው የተፋቀው ስም

ሳሙና ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ ለሌሎች ነጋዴዎች ሲሠራ ኖሮ በስተርጅናው የራሴ የሚለው ሳሙና ወጣለት። ቅመማውን ያገኘችው አንድያ ልጁ ነበረች። ገበያ ሳይወጣላት ግን በሕመም አረፈች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንቡጥ ይሏት ነበርና፣ አባትየው ይህንኑ ስም ሳሙናው ፈስሶ በሚረጋበት የእንጨት ሣጥን የታች ሳንቃ ላይ ገልብጦ ቀረጸው። ሳሙናው ሲወጣ ስሟ ቀና ብሎ፣ ጎልቶ ተነበበ። ሚስቱ በጣቷ ዳበሰችና «እንግዲህ ሰው ሁሉ ይጠራታል» አለች።

ለሽያጭ ሲሰናዱ ጠበቃ የሆነችው የወንድሙ ልጅ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ስሙን አጣርታችኋል?»

«ምን ይጣራል? የንግድ ፈቃዱ በዚሁ ስም ወጥቷል። ተይዟል ያለኝ የለም።»

«እሱ የድርጅቱ ስም ነው። ዕቃው ላይ የሚወጣው የንግድ ምልክት መዝገቡ ሌላ ነው። ቆይ፣ ልየው።»

በሳምንቱ ስትጠራው ከፊቷ ነገሩ ገባው።

«በዚህ ስም የፊት ቅባት ተመዝግቧል፣ ጋሼ። ቅባትና ሳሙና ደግሞ አንድ መደብ ውስጥ ናቸው። ገዢው ከአንድ ቤት የወጡ ይመስለዋል።»

«እኔ የሰው ስም አልሰረቅሁም። የወለድኳት ልጅ ስም ነው።»

«አውቃለሁ። መዝገቡ ግን ማን ቀድሞ እንዳስመዘገበ እንጂ ማን እንደወለደ አይጠይቅም።»

«ያስመዘገበው ሰውዬ ባይሠራበትስ?»

«ለዓመታት ሳይሠራበት ቢቀር ይሰረዝ ማለት ይቻል ነበር። ፋርማሲ ገብቼ አየሁት፤ ይሸጣል። ፍቀድልን ብዬ ለመንኩት፣ እንቢ አለ።»

ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እሷም የሳሙናውን መጠቅለያ አነሳች። እፍኝ ውኃ የያዙ ሁለት እጆች ተስለውበታል።

«ይህን ማን ሳለው?»

«እሷ። ታማ ተኝታ ሳለች።»

«ወትሮ ቢሆን መጀመሪያ ቃሉን አስመዝግቡ እል ነበር። ሥዕሉ ቢለወጥም ቃሉ ይጠብቃል። አሁን ግን በእጃችሁ ያለው ይህ ነው። የሚመስለውን ፈልጌ አጣሁ። ቃሉን አውጥተን ሥዕሉን ብቻ እናስመዝግብ። አዲስ ስም ስታገኙ ደግሞ መጀመሪያ እናጣራለን።»

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። «ሁለተኛ ቅበራት በለኛ» አለች።

«እጇ ቀርቶልናል።»

«እዚህ ቤት ስንጠራትስ?»

«እሱንማ ማን ይከለክለናል።»

ሳንቃውን አንስቶ መላጊያውን ገፋ። ስሙ በጥልቀት የተቀረጸ ነበርና በቀላሉ አልለቀቀም። ደጋግሞ ገፍቶ ፋቀው። የእንጨት ፍቅፋቂ ሁልጊዜ የሚማገደው ሳሙናው ከሚፈላበት በርሜል ሥር ነው። ያን ዕለት ግን ሚስቱ ከመሬት ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።