አሥራ ሁለት ጭብጨባ

ልጅ እያለሁ፣ መቐለ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ፣ እንግሊዝኛ የሚባለው ቋንቋ የግል ንብረቴ ነበር። ሌላው ሰው ሊናገረው ሲያምረው መጀመሪያ እኔን ያስፈቅድ ነበር ብል ያጋነንኩት ትንሽ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ብብቴ ውስጥ ወትፌ እዞራለሁ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ለአሮጊቶች አነባለሁ፤ ያልገባኝን ደግሞ ከራሴ እጨምርበታለሁ። የሰፈሩ ልጆች «ሎንዶን» ይሉኝ ነበር። ስድብ መሆኑ የገባኝ ካገባሁ በኋላ ነው።

ከግቢያችን አጥር ቀጥሎ አደይ ዘሃራ ይኖሩ ነበር፤ «አደይ» በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው። በድርቁ ዘመን ከወሎ የመጡ፣ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ ሴት ናቸው። በበራቸው ያለፈ ሰው ሦስት ጊዜ ሳያስነጥስ መንገዱን አይጨርስም። ልጃቸው ሰዒድ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ ዝምተኛ፣ በእንግሊዝኛ ከኔ የሚኮርጅ፣ በሒሳብ እኔ ከሱ የምኮርጅ። ቤታችን በአባቴ በኩል ትግርኛ፣ በእናቴ በኩል አማርኛ ስለሚነገርበት አደይ ዘሃራ እኛ ዘንድ ሲመጡ አማርኛቸውን ዘና ብለው ያወሩት ነበር።

ሰዒድ እህት ነበረችው፤ ከድጃ። በዚያ ክፉ ዓመት እናቱ መጠለያ ውስጥ በትኩሳት ራሳቸውን ስተው ሳሉ፣ አክስቷ ሕፃኗ እንዳትሞት ብላ አዝላት ሱዳን ተሻገረች። አክስቲቱ እዚያው ሞተች። ልጅቷን ባልና ሚስት ፈረንጆች አውስትራሊያ ወስደው አሳደጓት። እኛ ዘጠነኛ ክፍል በገባንበት ዓመት ከስደት የተመለሰ አንድ የአገራቸው ሰው አድራሻዋን ይዞ መጣ። ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንደማታውቅም ነገራቸው።

አደይ ዘሃራ ደብዳቤ አልፈለጉም። ዘፈን ነው የምልክላት አሉ። ጡት እያጠቡ ያንጎራጎሩላት በነበረው ዜማ ላይ ስለ መለያየታቸው የገጠሟት ግጥም ነበረቻቸው። ይህችን በእንግሊዝኛ አድርግልኝና እኔው ልዝፈናት፣ በካሴት ትሂድ አሉኝ። «ዜማውን ከጡቴ ጋር ጠጥታዋለች፣ ወላሂ አትረሳውም። አንተ ቃሉን ስጣት፤ ዜማዬን ግን አትስበርብኝ፣ የኔ ጌታ።»

ግጥሟ ይህች ናት፦

ትኩሳት ጥሎኝ ነው፣ አልሰጠሁሽ እኔ፤
ዓይኔን ስገልጠው ግን፣ የለሽም ከጎኔ።

መዝገበ ቃላቴን ዘርግቼ፣ እርሳሴን ምላሴ ላይ አርጥቤ፣ እንደ ትልቅ ሊቅ ፊደሎቹን መቁጠር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ አሥራ ሰባት ፊደል ሆነ። አደይ ዘሃራ ሳቁብኝና በእጃቸው እያጨበጨቡ ዘፈኑልኝ። አሥራ ሁለት ጭብጨባ ብቻ! ለካ «ሳት» ሲባል «ት» ከ«ሳ» ላይ ተንጠልጥላ በነፃ ትሄዳለች፤ አፍ የሚቆጥረው ሌላ፣ ዓይን የሚቆጥረው ሌላ። ስድስት ጭብጨባ፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ስድስት ጭብጨባ።

በመጀመሪያ ቃል በቃል ተረጎምኩት፦ «ኢት ዎዝ ዘ ፊቨር ዛት ስትራክ ሚ ዳውን፣ አይ ኔቨር ጌቭ ዩ አዌይ።» ትርጉሙ እንከን አልነበረውም። ግን «አልሰጠሁሽ» በአራት ጭብጨባ እኔን፣ አንቺን፣ መስጠትንና እምቢታን ጠቅልላ ስትይዝ፣ የእንግሊዙ ሰውዬ ለእያንዳንዷ የራሷን ወንበር ይሰጣል። አሥራ ስድስት ወጣ። አደይ ዘሃራ ሲሉት ደግሞ «ስትራክ» በአፋቸው ለሁለት ተሰነጠቀና አሥራ ሰባት ሆነ። ጭብጨባው አልቆ አምስቱ ሜዳ ላይ ቀሩ። ሦስት ጊዜ ሞክረው ትንፋሻቸው እያጠረ ተዉት። ይሄ የኔ ዘፈን አይደለም፣ ልጄ አታውቀውም አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሁለተኛው ስንኝ አላስቸገረኝም፤ ከመጀመሪያው ጋር ግን ሁለት ቀን ታገልኩ። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት፦ «አይ ዎዝ ሶ ዊክ ኤንድ ኢል፣ አይ ሃድ ቱ ሌት ዩ ጎ።» አሥራ ሁለት ቃል፣ አሥራ ሁለት ጭብጨባ፣ ለእያንዳንዱ ጭብጨባ አንድ አጭር ቃል! መጨረሻ ላይ ያለችው «ጎ» ደግሞ ልክ እንደ «እኔ» አፍ ከፍታ እስከ ፈለጉት ድረስ ትጎተታለች። ደስታዬ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ አናት ላይ የወጣሁ ያህል ነበር።

ሰዒድ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ‹አልሰጠሁሽ› የምትለዋ የቱ ጋ ናት?»

የትም አልነበረችም። አውቄ ነው ያስቀረኋት። የኔው ስንኝ የሚለው «በጣም ደክሜና ታምሜ ነበር፣ ልለቅሽ ግድ ሆነብኝ» ነው። «ውስጡ አለች» አልኩት። ደግሞም ዜማ ጠባብ ጫማ ነው፣ ጣት ካልተቆረጠ አይገባም ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሎንዶን ካለ ልክ ነው ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

እሑድ ከሰዓት የአባቴን ቴፕ ተበደርን። የጎረቤት አህያ ሁለት ጊዜ አበላሸብን፤ ሦስተኛው ሲቀዳ መብራት ጠፋ። በአራተኛው አደይ ዘሃራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እያጨበጨቡ፣ «አይ ሃድ ቱ ሌት ዩ ጎ» ብለው ዘፈኑ። አንድም ጭብጨባ አልጎደለም። ያን ያህል ያማረ ነገር ከዚያ ወዲህ የሰማሁ አይመስለኝም።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። አደይ ዘሃራ ፖስታውን ራሳቸው አልከፈቱትም፤ እጃቸውን ታጥበው ለኔ ሰጡኝ። የልጅ ጽሕፈት ነበር። «ያሳደጉኝ ሰዎች እናትሽ ናት የሰጠችሽ ሲሉኝ አላምናቸውም ነበር» ይላል። «አሁን ከራስሽ አፍ ሰማሁት። ዜማውን የማውቀው መሰለኝና ብዙ አለቀስኩ። እባክሽ፣ ሌላ አትላኪልኝ።»

ቀና ስል ሁለቱም አፌን እያዩ ነበር።

«ገባት?» አሉኝ አደይ ዘሃራ። «እንዳልሰጠኋት ገባት?»

«ገብቷታል፣ አደይ። ዜማውን አውቃዋለች። ፈተና ስላለባት ቶሎ አትጽፍም እንጂ» አልኩ። ወረቀቱን ሳሙት፤ ከነፖስታው ጡታቸው ሥር ከተቱት። እኔ ወደ አጥሩ ዞሬ ዓይኔን ጠረግሁ፤ በርበሬው ነው አልኳቸው።

የማስተካከያ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። አድራሻው ግን እነሱ እጅ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ሁሉን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ነገ እላለሁ፣ ከፈተና በኋላ እላለሁ። በቀጣዩ ዓመት የድንበሩ ጦርነት መጣ፤ እነ አደይ ዘሃራም ዕቃቸውን ሸክፈው ደሴ ገቡ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቢሮ ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ ስተረጉም፣ ሳልፈልገው መጣልኝ፦ «ዘ ፊቨር ቱክ ሚ ዳውን፣ አይ ኔቨር ጌቭ ዩ አፕ።» ትኩሳቱ ጣለኝ፣ አሳልፌ አልሰጠሁሽም። ጠረጴዛውን እየመታሁ ቆጠርኩ። ስድስትና ስድስት። «አፕ» እንደ «ጎ» አይጎተትም፣ «ፊቨር»ንም አፋቸው «ፊበር» ይለው ነበር፤ ግን ያዜሙት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ብታገሥ ኖሮ!

አምና ሰዒድ ስልኬን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ደወለ። እናቱ አርፈዋል። ከከድጃ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። አደይ ዘሃራ ግን በርበሬ እየለቀሙ እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ያንጎራጉሩ እንደነበር፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ በቃላቸው እንደያዙት ነገረኝ። ለመሳቅ ሞከርኩ።

«ልጄ እንግሊዝኛ ተምራለች» አለ ከዚያ፣ ድሮ በሚያወራበት ቀስ ባለ ድምፅ። «ተረጎመችልኝ።»

አልተቆጣም፤ ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ደብዳቤው በእውነት ምን ይል እንደነበር ብቻ ጠየቀኝ። ነገርኩት፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳላሳጥር። አድራሻዋ ያለበት ፖስታ ከሳቸው ዕቃ መሃል ይኖር እንደሆነ እፈልጋለሁ ብሎ ዘጋ። እስካሁን አልደወለም።

የዛሬ ልጆች ዘፈን ሰምተው ትርጉሙን ከስልካቸው ያወጣሉ፤ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል። ያኔ ግን በዚያ ሰፈር እንግሊዝኛ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንዲት እናትም አምናኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ ለልጇ ስትዘፍን ኖረች።