ያልሸተተው ሞተር

በሰፈራችን ባሌን በስሙ የሚጠራው የለም። «ተቃጠለ» ነው የሚሉት። የቤት ዕቃ ጠጋኝ ነው። የማይነሳ ማሽን ሲመጣለት በጣቱ መታ መታ ያደርግና «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይላል፤ አለቀ። ባለቤቶቹም አዝነው ይሄዳሉ፣ ዕቃው ግን መደርደሪያችን ላይ ይቀራል። እኔም በየሳምንቱ የሬሳውን አቧራ እጠርጋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ መክተፊያ ማሽኗን አቅፋ መጣች። የፋብሪካ ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። ጣቶቿ በቁርጥማት ተቆላልፈው ቢላ መጨበጥ ካቃታት ሁለት ዓመት ሆናት፤ ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን።

«አልነሳ አለኝ» አለች። «ሰኞ ኃላፊው ቢላ ካስያዘኝ ጉዴ ፈላ፣ ቤቴ ያስቀምጠኛል።»

ባሌ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ድምፅ እንኳ አላሰማም። መታ መታ አደረገው።

«እማማ፣ አይዘኑ እንጂ ሞተሩ ተቃጥሏል።»

እናቴ ማሽኑን ገልብጣ አፍንጫዋን የሞተሩ መተንፈሻ ላይ ደቀነች። ደጋግማ አሸተተች።

«አርባ ዓመት ምድጃ ሥር ኖሬ የተቃጠለ ነገር አላውቅም? ይሄ ሽንኩርት ሽንኩርት ነው የሚሸተው። ክፈተው!»

አማቱ አይደለች እንዴ፤ ምን ይበል? ሶኬቱን ነቅሎ ከፈተው። ሞተሩ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። ክዳኑ ሲገጥም ምላሱ በእጀታው ውስጥ ያለችውን ዘንግ ወደ ታች ይገፋል፤ ዘንጓም ታች ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ትጫናለች። ያ ካልሆነ ማሽኑ አይነሳም። ብሎኗ በንዝረት ላልቶ ማብሪያዋ ወደ ጎን ሸርተት ብላለች፤ ዘንጓ አልደርስባት ብላ ነው ነገሩ ሁሉ።

«ይቺን ማብሪያ አውጥቼ ሁለቱን ሽቦ ላያይዛቸው?» አለ፣ ለመገላገል።

«ክዳኑ ሳይዘጋ ቢላው እንዲዞር? አንተ ልጅ፣ የቀሩኝን ጣቶች ልታስበላ ነው?»

አፈረ። ማብሪያዋን ወደ ቦታዋ መልሶ ብሎኑን አጠበቀ፤ ክዳኑን ዘግቶ መስመሩ መገናኘቱን በኤሌክትሪክ መለኪያው አረጋገጠና ማሽኑን ገጠመው። ክዳኑ ቀጭ ሲል ሶኬቱን ሰክቶ ቁልፉን ተጫነ፤ ማሽኑ ጮኸ። ክዳኑን ፈታ ሲያደርገው ቀጥ አለ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ ባሌ መደርደሪያው ሥር ቆሟል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ያሸታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»

ከዳር ያለውን አነሳ፤ የሠርጋችን ስጦታ የነበረውን መክተፊያ። «ተቃጥሏል» ካለኝ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሽንኩርቱን በእጄ ከትፌያለሁ፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ የቀኝ እጄ ጣቶች ጠዋት ጠዋት አልዘረጋ ይሉኛል።

ማሽኑን ገልብጦ ብዙ አሸተተ።

«ምን ይሸታል?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ፣ ቀና ሳይል።